«በቀን 3 ሰዓት ይተርፋል» ያለው ደብዳቤ ለምን አልተፈረመም?

ጥያቄ፦ «በአንድ የሥልጠና ተቋም የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። የማግስቱን የክፍል መርሐ ግብር፣ የምዝገባ ማስታወሻዎችንና ሌሎች ማስታወቂያዎችን በቴሌግራም ቻናላችንና በፌስቡክ ገጻችን በየቀኑ እለጥፋለሁ። ሥራው በቀን 3 ሰዓት ይወስድብኛል። በራሱ የሚለጥፍ ሥርዓት እንዲዘረጋ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በቀን 3 ሰዓት እንደሚተርፍና ምንም ስጋት እንደሌለው ገለጽኩ። እሳቸው ግን ‹ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?› አሉኝ። ደብዳቤውን እንዴት ባስተካክለው ይፈርሙልኛል?»

ምላሽ፦ ጥያቄውን የጋበዘው ደብዳቤዎ ራሱ ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው 3 ሰዓቱ እንደሚተርፍ በጽሑፍ ሲያቀርብ፣ አንባቢው የሚያየው የሥራ መደቡ ከሲሶ በላይ ትርፍ መሆኑን ነው። ከዚያም የባሰው፣ ቁጥሩ ትክክል አይደለም። 3 ሰዓት የሚፈጀው ከመረጃ ፍለጋ እስከ ማጽደቅ ያለው ሥራ በሙሉ ነው፤ መለጠፉ ከዚያ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ነው። የትኛውም ሥርዓት የሥልጠና ክፍሉን ደውሎ «ነገ 3ኛው ክፍል ማን ነው የሚገባበት?» ብሎ አይጠይቅልዎትም።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከማስተካከልዎ በፊት ሥራውን ይለኩት። ለ10 የሥራ ቀናት እያንዳንዱን ልጥፍ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይመዝግቡ፤ መረጃውን ለማግኘት ስንት ደቂቃ፣ ለመጻፍ ስንት፣ ምስል ለማዘጋጀት ስንት፣ ለማጸደቅ ስንት፣ በሁለቱም ቦታ ለመለጠፍ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጻፉ። ቀኑ ካለፈ በኋላ በግምት አይሙሉት። ሰው ሥራ የፈጀበትን ጊዜ ከትዝታ ሲገምት በቀላሉ ይሳሳታል፤ የመለጠፉን ሥራም ከእውነተኛው ጊዜ አስረዝመው ሊያስታውሱት ይችላሉ።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት ቁጥሮች ልውሰድ፤ የእርስዎ ሠንጠረዥ ሲሞላ በራስዎ ቁጥሮች ይተኩዋቸው። በቀን 6 ልጥፎች አሉ፣ እያንዳንዱም 30 ደቂቃ ይወስዳል እንበል፦ መረጃ መሰብሰብ 9፣ መጻፍ 6፣ ምስል 5፣ ማጸደቅ 4፣ መለጠፍ 6። ድምሩ እርስዎ ያሉት 3 ሰዓት ነው። ከስድስቱ ግን አራቱ ብቻ ናቸው በየቀኑ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው፤ መርሐ ግብሮቹና የምዝገባ ማስታወሻዎቹ። የቀሩት ሁለቱ በየቀኑ አዲስ ነገር ስለሚይዙ ከስሌቱ ይወጣሉ።

ለአራቱ ቋሚ ቅጽ ቢዘጋጅላቸው፣ ማለትም ቀኑን፣ ክፍሉንና ሰዓቱን ብቻ የሚሞሉበት ጽሑፍ ቢኖር፣ መጻፉ ከ6 ደቂቃ ወደ 1 ይወርዳል። ምስሉም እንዲሁ ከ5 ወደ 1። አራቱን በአንድ ጊዜ ተቀምጠው በቀጠሮ ቢያስቀምጧቸው፣ መለጠፉ ከ6 ወደ 3 ይወርዳል። በአንድ ልጥፍ 12 ደቂቃ፣ በአራቱ 48 ደቂቃ ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን ከዚህ ላይ የሚቀነስ አለ፤ የመጀመሪያው ደብዳቤዎም የዘለለው ይህንን ነው። በቀጠሮ የተቀመጡት በትክክል መውጣታቸውን ገጹን ከፍቶ ለማየት በቀን 10 ደቂቃ፣ የዕለቱን ልጥፎች በአንድነት ለኃላፊ አሳይቶ ለማስፈረም 8 ደቂቃ ይያዝ። የተጣራው ትርፍ በቀን 30 ደቂቃ ነው። በወር 22 የሥራ ቀናት ሲባዛ 11 ሰዓት ይሆናል፤ ቅጾቹን ለማደስ 2 ሰዓት ሲነሳለት 9 ሰዓት ይቀራል። ቅጾቹን መጀመሪያ ለማዘጋጀት አንድ የሥራ ቀን፣ ማለትም 8 ሰዓት ቢወስድ፣ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ይመለሳል።

9 ሰዓት ከ3 ሰዓት የዕለት ትርፍ አጠገብ ሲቀመጥ ያሳፍራል ብለው ይሆናል። አያሳፍርም። ማንም በወር በ9 ሰዓት ትርፍ ምክንያት የሰው የሥራ መደብ አይሰርዝም፤ ማንም ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በአንድ ቀን ዝግጅት የሚገኝ 9 ሰዓትን በቀላሉ አይገፋም።

አሁን ወደ ቦቱ እንምጣ፤ «በራሱ የሚለጥፍ ሥርዓት» ሲሉ ያሰቡት እሱን ይመስለኛል። ከሠንጠረዥ እያነበበ ራሱ የሚለጥፍ ቦት ቢሠራ፣ ከላይ የቀረችውን የ3 ደቂቃ መለጠፍ ያስቀራል። በአራት ልጥፍ 12 ደቂቃ፣ በወር 4 ሰዓት ተኩል አይሞላም። ለመሥራትና ለመፈተሽ 16 ሰዓት፣ ለጥገናው በወር 2 ሰዓት ቢወስድ፣ ወጪውን ለመመለስ ሰባት ወር ገደማ ይፈጃል። አብዛኛው ትርፍ የሚመጣው ከቅጹ እንጂ ከቦቱ አይደለም፤ አብዛኛው ስጋት ግን የሚመጣው ከቦቱ ነው። ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ በዚህ ደብዳቤ ቦት አይጠይቁ። ቋሚ ቅጽና የመድረኮቹን የራሳቸውን የቀጠሮ አገልግሎት ለአንድ ወር ለመሞከር ብቻ ፈቃድ ይጠይቁ። የልጥፎቹ ቁጥር በቀን ወደ 20 እና 30 ሲደርስ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ያኔ የቦቱን ጉዳይ እንደገና ያንሱት።

የቀጠሮ አገልግሎቱ አሁን በእጅዎ አለ። በቴሌግራም መልእክቱን ጽፈው የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርገው ሲይዙት `Schedule Message` የሚል ምርጫ ይወጣል። መልእክቱ የሚቀመጠው በስልክዎ ላይ ሳይሆን በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ በሰዓቱ ስልክዎ ቢጠፋም ይወጣል። ለፌስቡክ ገጽ `Meta Business Suite` ውስጥ ገብተው ቀንና ሰዓት ይሰጡታል። ሁለቱም ለዚህ አገልግሎት ክፍያ አይጠይቁም። በአሳሽ ላይ ሰው መስለው የሚጫኑ ፕሮግራሞችንና የአካውንትዎን የይለፍ ቃል አስረክቡኝ የሚሉ አገልግሎቶችን ግን አይንኩ። የመድረኮቹን ደንብ ሊጥሱ ይችላሉ፤ ሊያሳጡዎት የሚችሉትም ለዓመታት የተገነባውን ገጽ ነው።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ቅጹን ሲያዘጋጁ ይረዱዎታል። በቴሌግራም ከምስል ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ በተለመደው አካውንት 1024 ፊደላትና ምልክቶች ድረስ ብቻ ነው፤ ያለ ምስል የሚላክ መልእክት ግን እስከ 4096 ይይዛል። ስለዚህ ረጅሙ መርሐ ግብር ያለ ምስል ይሂድ። ሁለተኛው፣ ቀንና ሰዓትን በምስሉ ላይ አይጻፉ። በጽሑፍ ውስጥ ያለ ስህተት በአንድ ደቂቃ ይታረማል፤ በምስል ላይ የታተመ ያለፈ ሳምንት ቀን ግን ከአራሚው ዓይን ያመልጣል፣ ከተመልካቹ ዓይን ግን አያመልጥም።

«ምንም ስጋት የለውም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤው ይውጣ። እንዲያ የሚል ሠራተኛ ያላሰበበትን ነገር እያቀረበ ነው ብዬ ነው እኔ የማነበው፤ ሥራ አስኪያጅዎም ከዚህ የተለየ አያነቡትም። ስጋቶቹ አሉ፤ ሦስቱን ብቻ፣ እያንዳንዱን ከመከላከያው ጋር ይጻፉ።

ትልቁ ስጋት ሰዓት አክባሪ ስህተት ነው። ዛሬ በእጅዎ ሲለጥፉ ከመላክዎ በፊት አንድ ጊዜ ያነባሉ፤ የሥልጠና ክፍሉም በዚያች ደቂቃ ደውሎ «ቆይ፣ ክፍሉ ተቀይሯል» ሊልዎት ይችላል። በቀጠሮ የተቀመጠ ልጥፍ ማንንም አይጠብቅም። ማታ ክፍል ቢቀየር፣ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ አሮጌው መርሐ ግብር ከነሙሉ ክብሩ ይወጣል፤ ሠልጣኞቹም በተሳሳተ በር ላይ ይሰለፋሉ። መከላከያው የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም፤ የሥልጠና ክፍሉ አንድ ሰው መድቦ መረጃውን በየቀኑ እስከ 10 ሰዓት እንዲልክ፣ ከዚያ በኋላ ለውጥ ካለ በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ እንዲያሳውቅ የሚያደርግ ስምምነት ነው። ከዚህ ጋር አንድ ደንብ ይጨምሩ፦ ሊለወጥ የሚችል መረጃ ያለበት ልጥፍ ከአንድ ቀን በላይ ቀድሞ በቀጠሮ አይቀመጥም። የምዝገባ ማስታወሻ ግን እስከ ሳምንት ሊቀመጥ ይችላል። ይህንን ስምምነት ማስፈጸም የሚችሉት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው፤ በደብዳቤው ከእሳቸው የሚፈልጉት ትልቁ ነገርም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስጋት ልጥፉ ትክክል ሆኖ ቀኑ ሲከፋ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የምረቃ በዓል የደስታ መልእክቶችን ለሳምንት በቀጠሮ አስቀምጬ ነበር። በመካከሉ አንድ ባልደረባችን አረፈ። የሐዘን መግለጫውን በእጄ ለጠፍኩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊኛና ርችት ያለበት «እንኳን ደስ አላችሁ» ተከትሎት ወጣ። በቀጠሮ ያስቀመጥኩትን ሙሉ በሙሉ ረስቼው ነበር። የማስታውሰው ነገር ቢኖር፣ ስልኬ ሲጮህ መንገድ ላይ እንደነበርኩና ልጥፉን ማንሳት የሚችል ሌላ ሰው እንዳልነበረ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሁሉንም ማቆም መቻል አለባቸው፤ ሁለተኛው ሰው በራሱ አካውንት ገብቶ የተቀጠሩትን ልጥፎች ማየትና መሰረዝ መቻሉን ደግሞ አስቀድመው በተግባር ይፈትሹ። «አስተዳዳሪ አድርጌዋለሁ፣ ይታየዋል» ብለው አይለፉት። በሁለቱም መድረክ አንድ የሙከራ ልጥፍ ለነገ ያስቀምጡ፤ እሱ ከራሱ ስልክ ይሰርዘው። ካልቻለ፣ የተቀጠሩት ዝርዝር በወረቀት ላይ ይኑርና የቴሌግራም ልጥፎቹ በጋራ የቢሮ አካውንት ይቀመጡ።

ሦስተኛው ስጋት ጸጥ ያለ መቅረት ነው። ልጥፉ በተባለው ሰዓት ሳይወጣ ይቀራል፤ ማንም አይነግርዎትም፤ የሚያውቁት አንድ ሠልጣኝ «የዛሬው መርሐ ግብር የት አለ?» ብሎ ሲጽፍ ነው። በስሌቱ ውስጥ የያዝኩት የ10 ደቂቃ ፍተሻ ለዚህ ነው። ፍተሻው «ተቀጥሯል» የሚለውን ምልክት ማየት ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች ቻናሉንና ገጹን ከፍቶ ልጥፉን በዓይን ማየት ነው። አንድ የተለመደ ወጥመድም አለ፦ በእኛ አቆጣጠር ማለዳ 1 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 7:00 ነው። በችኮላ 1:00 ብለው ከሞሉት መርሐ ግብሩ ሌሊት ሰው በተኛበት ይወጣል።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ቦት ከጠየቁዎት ስጋቶቹን ማወቅዎ ይጠቅማል። የቴሌግራም ቦት የሚለጥፈው እንዲህ ባለ አንድ መስመር ነው፦

```
https://api.telegram.org/bot<TOKEN>/sendMessage?chat_id=@<CHANNEL>&text=<TEXT>
```

`<TOKEN>` በሚለው ቦታ የሚገባው ረጅም ቁጥርና ፊደል የቦቱ ቁልፍ ነው። እሱን ያገኘ ማንኛውም ሰው፣ ስምና የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ፣ በቦቱ በኩል በተቋሙ ስም መለጠፍ ይችላል። ብዙዎች ይህንን ቁልፍ ሁሉም በሚከፍተው ሠንጠረዥ ላይ ጽፈውት ይገኛሉ። ሌላው ችግር ድግግሞሽ ነው። ፕሮግራሙ መልእክቱን ልኮ የመድረሱ ምላሽ በኔትወርክ መቆራረጥ ካልተመለሰለት፣ አልደረሰም ብሎ እንደገና ይልካል፤ ቴሌግራምም ሁለቱንም ይለጥፋል። በፌስቡክ በኩል ደግሞ ለፕሮግራሙ የተሰጠው ፈቃድ ጊዜው ሲያልፍ ወይም የፈቀደው ሰው የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ሥርዓቱ ባልታሰበ ቀን ይቆማል። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ ግን መፍትሔያቸው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ በአጠገብ መኖሩን ይፈልጋል። ቦቱን የሠራው ወጣት ሥራ ለቆ ከሄደስ? ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

«ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?» ለሚለው መልሱ በደብዳቤው ውስጥ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ይግባ። «ለሌሎች ጠቃሚ ሥራዎች አውለዋለሁ» አይበሉ፤ ይህ ሰበብ ነው የሚመስለው። አንድ የሚታይ ሥራ ይጥቀሱ። ወደ ገጹ የሚመጡ የሠልጣኞች ጥያቄዎች በዚያው ቀን ምላሽ የማያገኙ ከሆነ፣ 30ዋን ደቂቃ ለእነሱ ይስጡ። መልስ መስጠቱን ግን በራሱ እንዲሄድ አያድርጉት፤ ገንዘብ ከፍሎ ክፍል ያጣ ሠልጣኝ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምስጋና ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

እኔ ብሆን የምጽፈው እንዲህ ነው፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ፦

«ጉዳዩ፦ የዘወትር ማስታወቂያዎችን በቀጠሮ ለመለጠፍ የአንድ ወር ሙከራ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ከዚህ ቀደም በጻፍኩት ደብዳቤ በቀን 3 ሰዓት ይተርፋል ማለቴ ትክክል አልነበረም። ለ10 የሥራ ቀናት እያንዳንዱን ሥራ በደቂቃ መዝግቤያለሁ፤ መዝገቡም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። በቀን ከምንለጥፋቸው 6 ማስታወቂያዎች 4ቱ ቋሚ መልክ ያላቸው ናቸው። ለእነዚህ ቋሚ ቅጽ አዘጋጅቼ በቴሌግራምና በፌስቡክ የቀጠሮ አገልግሎት ብጠቀም፣ የፍተሻና የማጸደቂያ ጊዜ ተቀንሶ በቀን 30 ደቂቃ፣ የቅጾቹ እድሳት ሲነሳ በወር 9 ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ለዝግጅቱ አንድ የሥራ ቀን ያስፈልገኛል። የሚከፈል ገንዘብ የለም።

የሚተርፈውን ጊዜ ከሠልጣኞች የሚመጡ ጥያቄዎችን በዚያው ቀን ለመመለስ አውለዋለሁ፤ ሳይመለሱ ያደሩትን ጥያቄዎች ብዛት በየሳምንቱ አሳውቃለሁ።

አሠራሩ ስጋቶች አሉት። መረጃ ዘግይቶ ከተቀየረ የተሳሳተ መርሐ ግብር ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የሥልጠና ክፍሉ በየቀኑ እስከ 10 ሰዓት መረጃውን የሚልክ አንድ ሠራተኛ እንዲመድብ እንዲያዙልኝ እጠይቃለሁ። ድንገተኛ ሁኔታ ሲፈጠር የተቀጠሩትን ሁሉ ማቆም የሚችል ተጠባባቂ ሠራተኛም ይሰየም። ልጥፎቹ መውጣታቸውን በየቀኑ በዓይን አረጋግጣለሁ። የዕለቱ ልጥፎች እንደ ቀድሞው ሳይጸድቁ አይወጡም።

በወሩ ውስጥ የተሳሳተ መረጃ ሁለት ጊዜ ከወጣ ሙከራውን አቁሜ ወደ ቀድሞው አሠራር እመለሳለሁ። በወሩ መጨረሻ የተመዘገበውን ጊዜና ስህተት አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ይፈተኑ ይሆናል፤ አያውጡት። ሥራ አስኪያጁ የቀድሞውን ደብዳቤ አልረሱትም፤ 3 ሰዓቱ ያለ ማብራሪያ 30 ደቂቃ ከሆነ አዲሱንም ቁጥር አያምኑትም። ሙከራውን ስለማቆም የሚናገረውን አንቀጽም ይተዉት። ፈራሚው የሚፈራው ስህተቱን ብቻ አይደለም፤ ከፈረሙ በኋላ ማቆሚያ ማጣቱንም ነው።

በደብዳቤው ያሉት ቁጥሮች የእኔ ማሳያ ስለሆኑ የ10 ቀኑ መዝገብ ሳያልቅ አይላኩት። መዝገቡ ሲደመር የተጣራው ትርፍ በቀን ከ15 ደቂቃ በታች ከሆነ ደግሞ ደብዳቤውን ጭራሽ ይተዉት፤ ቅጾቹን ብቻ አዘጋጅተው በእጅዎ መለጠፍዎን ይቀጥሉ። ለዚያ የማንም ፊርማ አያስፈልግዎትም።